ቃል ቆጠራ ለምን ያሳስታል? BM25 እና የሰነድ ርዝመት

BM25 በጽሑፍ ፍለጋ የተገኙ ሰነዶችን ቅደም ተከተል የሚያሲዝ ቀመር ነው። የተሠራው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በለንደኑ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦካፒ በተባለ የፍለጋ ሥርዓት ላይ ነው። መሠረቱ ግን ስቲቨን ሮበርትሰንና ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1976 ያወጡት የፕሮባቢሊቲ ሥራ ነው። የፍለጋ ሶፍትዌሮቹ ሉሲን ከስሪት 6፣ ኢላስቲክሰርች ከስሪት 5 ጀምሮ ሌላ ካልታዘዙ የሚሠሩት በዚሁ ቀመር ነው።

ተራ ቆጠራ የሚጠይቀው «ቃሉ ስንት ጊዜ ተጻፈ?» ብሎ ነው። BM25 ግን «ቃሉ ይህን ያህል ጊዜ መገኘቱ ሰነዱ ለፈላጊው የሚሆን የመሆን ዕድሉን ምን ያህል ይጨምራል?» ይላል። ሁለቱ የሚለያዩበትን በምሳሌ እንየው።

1,000 ሰነዶች አሉን እንበል፤ አማካይ ርዝመታቸው 500 ቃል ነው። አንድ ሰው «ስንዴ ዋግ» ብሎ ይፈልጋል። «ስንዴ» በ400 ሰነዶች ውስጥ አለ፤ «ዋግ» በ9 ብቻ። ሰነድ ሀ የ5,000 ቃል ዓመታዊ የግብርና ሪፖርት ነው፤ ስንዴን 40 ጊዜ፣ ዋግን 1 ጊዜ ያነሳል። ሰነድ ለ ስለ ዋግ መከላከል የተጻፈ የ250 ቃል መመሪያ ነው፤ ስንዴን 4፣ ዋግን 3 ጊዜ ይጠቅሳል። ቆጠራው 41 ለ 7 ብሎ ሪፖርቱን ከላይ ያስቀምጣል። ፈላጊው የሚያስፈልገው ግን መመሪያው ነው።

BM25 ለእያንዳንዱ የፍለጋ ቃል ይህን ያሰላና ይደምራል፦

```
IDF = ln(1 + (N - n + 0.5) / (n + 0.5))
score = IDF * f*(k1+1) / (f + k1*(1 - b + b*L/avgL))
```

`N` የሰነዶች ብዛት፣ `n` ቃሉ ያለባቸው ሰነዶች፣ `f` ቃሉ በሰነዱ የተገኘበት ብዛት፣ `L` የሰነዱ ርዝመት፣ `avgL` ደግሞ አማካዩ ነው። የተለመዱት እሴቶች `k1 = 1.2` እና `b = 0.75` ናቸው።

መጀመሪያ በ`IDF` የቃሉ ብርቅነት ይመዘናል። የስንዴ ክብደት 0.92፣ የዋግ 4.66 ይወጣል፤ እንደ ስንዴ በ400 ሰነዶች ውስጥ ያለ ቃል ሰነዱን ከሌላው ብዙም አይለየውም። ቀጥሎ በ`k1` ድግግሞሹ ይገታል። በአማካይ ርዝመት ሰነድ ውስጥ አንድ ጊዜ የተገኘ ቃል 1፣ ሁለት ጊዜ የተገኘ 1.38፣ አሥር ጊዜ 1.96፣ መቶ ጊዜ 2.17 ያገኛል፤ ከ2.2 አያልፍም። ስለ ስንዴ መሆኑ በአሥረኛው ከታወቀ፣ ዘጠና መድገሙ አዲስ ነገር አይነግረንም።

ክርክር ያለበት ርዝመቱ ላይ ነው። ሰነድ በሁለት ምክንያት ይረዝማል፦ ጸሐፊው ያንኑ ነገር እያንዛዛ ሲጽፍ፣ ወይም በእርግጥ ብዙ ጉዳይ ሲያነሳ። የመጀመሪያው ከሆነ ድግግሞሹን በርዝመቱ ማካፈል ተገቢ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ሰነዱን ያለጥፋቱ መቅጣት ይሆናል። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ `b` መካከለኛ ቦታ ይይዛል፦ 0 ርዝመትን ጨርሶ ይተዋል፣ 1 ሙሉ በሙሉ ያካፍላል።

በምሳሌያችን ሪፖርቱ የአማካዩ አሥር እጥፍ ስለሆነ ከስንዴ 1.64፣ ከዋግ 0.99፣ በድምሩ 2.6 ገደማ ያገኛል። መመሪያው ከስንዴ 1.70፣ ከዋግ 8.20፣ በድምሩ 9.9 ገደማ። ስንዴን አርባ ጊዜ ያነሳው፣ አራት ጊዜ ካነሳው በስንዴም ቢሆን አልበለጠም።

ቀመሩ እንከን የለሽ አይደለም። ርዕስ ብቻ ያለው የሦስት ቃል ሰነድ ፍለጋ ቃሉን አንድ ጊዜ ቢይዝ ከክብደቱ በፊት 1.69 ያገኛል፤ ቃሉን ሦስት ጊዜ ያነሳ የ500 ቃል ጽሑፍ ግን 1.57 ብቻ። ባዶ ገጾች ከላይ ሲደረደሩ ካያችሁ `b`ን ወደ 0.3 አካባቢ አውርዳችሁ ሞክሩ፣ ወይም ርዕስንና አካልን በተለያየ መስክ አስቀምጡ።

በአማርኛ የባሰ ችግር አለ። ሳይዘጋጅ የገባ ጽሑፍ ውስጥ «ስንዴ»፣ «የስንዴ»፣ «ስንዴው» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሐኪም» እና «ሀኪም»ም እንዲሁ። ድግግሞሹ ይበታተናል፣ እያንዳንዱ ቅርጽም ሳይገባው ብርቅ ተብሎ ክብደቱ ያብጣል። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣትና ቅጥያዎችን መግፈፍ ያስፈልጋል። ይህ ሰነዱ ሲገባም ጥያቄው ሲመጣም በአንድ ዓይነት መንገድ ካልተደረገ ጭራሽ አይገናኙም።

ደረጃው ሲያጠራጥር ከመገመት ይልቅ በኢላስቲክሰርች ጥያቄ ላይ `"explain": true` ጨምሩ፤ የእያንዳንዱን ቃል `idf`፣ `freq` እና `avgdl` ዘርዝሮ ያሳያል። አንድ ቃል በሁለት ሰነዶች ላይ የተለያየ `idf` ካሳየ፣ ሰነዶቹ የተቀመጡት በተለያዩ ሻርዶች፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ በሚቀመጥባቸው ክፍሎች ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሻርድ የሚቆጥረው የራሱን ብቻ ነው። ጥቂት ሰነድ ላላችሁ አንድ ሻርድ ይበቃል፤ ካልሆነ `search_type=dfs_query_then_fetch` ቆጠራውን አንድ ያደርገዋል።