ቡሆልዝ ሪሌይ፦ አላርም ሲጮህና ትሪፕ ሲያደርግ

ቡሆልዝ ሪሌይ በዘይት የተሞላ ትራንስፎርመርን ከውስጥ ብልሽት የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ብዙዎች አላርሙን «ቀላል ብልሽት» ይሉታል። እሱ የሚነግረን ግን ጋዙ ቀስ ብሎ መምጣቱን ነው። ሪሌዩ የሚቀመጠው ታንኩን ከላይኛው የዘይት ማጠራቀሚያ በሚያገናኘው ቧንቧ ላይ ነው። ውስጥ አንድ ቦታ ሲግል ዘይቱ ይፈራርስና ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሪሌዩ አናት ላይ ተጠራቅሞ 200 ሲሲ ገደማ ሲደርስ የላይኛው ተንሳፋፊ ወርዶ አላርም ይሰጣል።

ጥቅልሉ ውስጥ ሾርት ሲፈጠር ግን ጋዝ እስኪጠራቀም አይጠበቅም። ዘይቱ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወረወርና የሪሌዩን የታችኛውን ክፍል ገፍቶ ብሬከሩን ያስከፍታል፤ ትሪፕ ማለት ይህ ነው። ዘይት ፈስሶ ቢጎድልም ትሪፕ ያደርጋል፤ ትሪፕ ሁሉ ሾርት የሚመስለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዘይት በተሞላ ማግስት አላርም ቢጮህ ጋዙን አስመርምሩ። አየር ብቻ ከሆነ በአሞላል የቀረ ሊሆን ይችላል። አሴቲሊን ከተገኘ ግን ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ፤ አላርሙን አጥፍቶ ማለፍ አይሆንም።