አምስት ቀን የቀረው ሠራተኛ፦ ስለ ሕገወጥ ስንብት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ፈተና ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ከመጋቢት 11 ቀን 2012 ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሯል። አማካይ የቀን ደመወዙ 300 ብር ሲሆን በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት 5 እና 6 ከሥራ ቀረ። ኅዳር 12 ታሞ ቀረና በማግስቱ የሐኪም ማስረጃ አቀረበ። ኅዳር 14 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ጥር 8 እና 9 እንደገና ያለ ፈቃድ ቀረ። መጋቢት 10 ቀን «በተደጋጋሚ ጥፋት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ስንብቱ ሕጋዊ ነው?

መልስ ሰጪውን የሚያስቱት ቀጥሎ ያሉት ናቸው። የምንመረምረው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ለሥራ መሪዎች ስለማይሠራ መጀመሪያ የሰውየውን የሥራ መደብ ማየት ያስፈልጋል። የመጋዘን ሠራተኛ የሥራ መሪ ስላልሆነ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም።

«አጥፍቷል አይደል? እንግዲህ ስንብቱ ሕጋዊ ነው»

ጥፋት መኖሩ ከጥያቄው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። አንቀጽ 27 አሠሪው ውሉን በዚያው ቀን እንዲያቋርጥ የሚፈቅድባቸውን ጥፋቶች አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ጥፋት፣ የኅብረት ስምምነቱ ካልጨመረው በቀር፣ ምንም ያህል ቢያናድድ ለዚህ አይበቃም። ጥፋቱ በዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ እንኳ አሠሪው ምክንያቱንና ቀኑን የያዘ ደብዳቤ መስጠት፣ ይህንንም በጊዜ ገደቡ ውስጥ ማድረግ አለበት። አንቀጽ 42 ደግሞ እነዚህን መመዘኛዎች ሳያሟላ የተደረገ ስንብት ሕገወጥ ነው ይላል። ስለዚህ «አጥፍቷል?» ከሚለው ይልቅ «የትኛው ንዑስ አንቀጽ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ወረቀት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ደብዳቤውን ተመልከቱ። «በተደጋጋሚ ጥፋት» ይላል እንጂ የትኛው ጥፋት፣ መቼ እንደተፈጸመ አይናገርም። አሠሪው ችሎት ላይ ቆሞ «መቅረቱን ማለቴ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሕጉ ግን ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ እንዲገለጽ ነው የሚጠይቀው። የጉድለቱ ክብደት ሊያከራክር ይችላል። እኔ በዚህ ነጥብ ብቻ መልሴን አልዘጋም፤ ከሌሎቹ ጋር አያይዤ ነው የምጠቅሰው።

«አምስት ቀን ከቀረ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል»

በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያውን ያመጣው «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ነው። በአዋጁ ቃሉ ሁለት ነገር ያመለክታል። የአንቀጽ 27 ርዕስ «ያለማስጠንቀቂያ» ሲል ውሉ ከመቋረጡ በፊት የሚሰጠውን የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ጊዜ ማለቱ ነው። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ስለ መቅረት የሚናገረው ንዑስ ቁጥር ግን ሌላ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፦ ሠራተኛው ጥፋቱን እንዲያርም በጽሑፍ የሚሰጠውን። ርዕሱን ብቻ ያነበበ አሠሪ «ያለማስጠንቀቂያ አሰናብት ተብያለሁ» ይልና ይህን ወረቀት ሳይጽፍ ይቀራል። ክርክሩ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ስለ ማርፈድ የሚናገረው ንዑስ ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው።

ሁለተኛው ስሕተት አቆጣጠሩ ላይ ነው። የተሻረው አዋጅ 377/96 በተከታታይ አምስት የሥራ ቀናት፣ ወይም በወር ውስጥ አሥር፣ ወይም በዓመት ሠላሳ የሥራ ቀናት መቅረትን ነበር የሚጠይቀው። አሁን ቀኖቹ መከታተል የለባቸውም፤ በስድስት ወር ውስጥ ተደምረው አምስት መሙላታቸው ይበቃል። ዛሬም «ተከታታይ ስላልሆነ አይቆጠርም» የሚል መልስ የሚጽፍ አለ፤ የሚጠቅሰው የሞተ ሕግ ነው።

አሁን በጥያቄው ላይ እንቁጠር። ጥቅምት 5 እና 6፣ ኅዳር 12፣ ጥር 8 እና 9፦ በአጠቃላይ አምስት። ሁሉም በስድስት ወር ውስጥ ናቸው። ነገር ግን አዋጁ ከፈቃድ ዓይነቶች በአንዱ የሚሸፈንን ቀን አይቆጥርም። ኅዳር 12 የሕመም ፈቃድ ነው፤ ሠራተኛው በማግስቱ አሳውቋል፣ የሐኪም ማስረጃም አቅርቧል። ያ ቀን ሲወጣ አራት ይቀራል፤ በአራት ቀን ደግሞ አንቀጽ 27 አይሞላም።

ጠያቂው የኅዳር 12ን የሕመም ማስረጃ ባያስገባና በእርግጥ አምስት ቢሞላ ኖሮስ? ማስጠንቀቂያው የመጣው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ስለሆነ ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን «እየተሰጠው» የሚለው ቃል ሠራተኛው ከተነገረው በኋላም መቀጠሉን ያሳያል፣ እሱም ቀጥሏል፣ ይላል። ሌላው ደግሞ የሚቆጠሩት ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ያሉት ናቸው ይላል። አዋጁ የማስጠንቀቂያውን ቁጥር ስላልወሰነ በጥሩ መልስ ውስጥ ሁለቱም ክርክሮች ይጻፋሉ። አምስቱም ቀናት ካለፉ በኋላ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ግን ሠራተኛው እንዲታረም ዕድል ስላልሰጠው አይረባም።

«ጥፋት ጥፋት ነው፤ መቼም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል»

አይቻልም። በአንቀጽ 27 መሠረት ለማሰናበት ያለው መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ይቀራል። ይህን የጊዜ ገደብ ከይርጋ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። ይርጋ የከሳሹን አቤቱታ ሲገድብ ይሄኛው የአሠሪውን እርምጃ ይገድባል።

ጣት እየቆጠርን እንሂድ። አሠሪው የመጨረሻውን መቅረት ያወቀው ጥር 9 ነው እንበል፤ የመገኘት መቆጣጠሪያው በየቀኑ ስለሚፈረም ይህ ለአሠሪው የሚጎረብጥ ግምት አይደለም። ቆጠራው በማግስቱ ዐርብ ጥር 10 ይጀምራል። ጥምቀት ጥር 11 በዓል ነው፤ እሑዶችም አይቆጠሩም። በዚህ መንገድ ሠላሳኛው የሥራ ቀን ዐርብ የካቲት 15 ላይ ይውላል። ደብዳቤው የተጻፈው ግን መጋቢት 10 ነው፤ የአድዋ በዓልን ጨምሮ የማይሠራባቸውን ቀናት ብናወጣ እንኳ 50 የሥራ ቀን አልፏል። ስለዚህ አምስቱ ቀን ቢሞላና ማስጠንቀቂያው እንከን ባይኖረው እንኳ የማሰናበት መብቱ ቀርቷል።

የአሠሪዎች የተለመደ መልስ «የሰው ኃይል ክፍሉ ሪፖርቱን ያየው በኋላ ነው» የሚል ነው። ይህ በኦዲት ለሚገለጥ የገንዘብ ማጭበርበር ክብደት አለው፤ እዚያ ማጣራት ስለሚያስፈልግ የእውቀት ቀን ይገፋል። የቀረ ሰው ግን በዚያው ቀን ከሥራው ጎድሎ ይታወቃል፤ ለማወቅ ምርመራ አያሻም።

«የማስጠንቀቂያ ጊዜ ካልተሰጠ ስንብቱ ሕገወጥ ሆኖ ሠራተኛው ይመለሳል»

ይህን ለማየት ጥያቄውን እንለውጠው። ሠራተኛው አልቀረም፤ መደቡ በበቂ ምክንያት ተሰረዘ፣ ወደ ሌላ መደብ ማዛወርም አልተቻለም። አሠሪው ምክንያቱን በደብዳቤ ገልጾ በዚያው ቀን አሰናበተው። የማቋረጫው ምክንያት በአንቀጽ 28 ሕጋዊ ነው፤ የጎደለው የማስጠንቀቂያ ጊዜው ብቻ ነው። አንቀጽ 44 ለዚህ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፦ የጊዜው አለመጠበቅ የሚያስከትለው የዚያን ጊዜ ደመወዝ መክፈልን ነው፤ ከሌሎች የሚገቡ ክፍያዎች ጋር። የጊዜው ርዝመት በአገልግሎት ይለያያል፦ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። የእኛ ሠራተኛ አራት ዓመት ስላለው ሁለት ወር ነው። «ምክንያት የለም» እና «ጊዜ አልተሰጠም» የተለያየ ውጤት ስላላቸው በመልሱ ውስጥ ተለያይተው መቆም አለባቸው።

«ሕገወጥ ከተባለ ወደ ሥራ መመለስ የግድ ነው»

መመለስ መርሕ የሚሆነው ምክንያቱ በአንቀጽ 26(2) የተከለከለ ሲሆን ነው፦ የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት እና የመሳሰሉት። ያኔም ሠራተኛው ራሱ ካልፈለገ ካሣ ይወስዳል። ከጥያቄው ላይ ሠራተኛው ከስንብቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አቤቱታ አስገብቶ ነበር የሚል ቃል ካገኛችሁ አልፋችሁት አትሂዱ፤ የመልሱን አቅጣጫ ሁሉ ይለውጣል።

በእኛ ጉዳይ እንዲህ ያለ ፍንጭ የለም። ስለዚህ ችሎቱ እንዲመለስ ሊያዝ ወይም ካሣ ሊወስን ይችላል፤ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ይፈጥራል ብሎ ካመነ ሠራተኛው መመለስ ቢጠይቅም በካሣ ሊያሰናብት ይችላል። እንዲመለስ ካዘዘ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ይጨምራል፤ ለሠራተኛችን ይህ ቢበዛ 54,000 ብር ነው።

በካሣ ከተሰናበተ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 9,000 ብር ነው። ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚህ ሢሶ 3,000 ብር ሲታሰብ ሌላ 9,000 ይሆናል፤ በድምሩ 18,000። ካሣው የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ 54,000 ብር ነው። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው 18,000 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር 90,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድና ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ከዚህ ውጭ ይታሰባል።

ሠራተኛው የሚጠይቀውን በሚመርጥበት ጊዜ ቀን መቁጠሩ ይቀጥላል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ለእሱ እስከ ሰኔ 10 ማለት ነው። ከማቋረጡ ለሚመነጩ ክፍያዎች ስድስት ወር አለው። በሐምሌ «መልሱኝ» ብሎ የመጣ ሰው የመመለስ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ክፍያውን ግን አሁንም መጠየቅ ይችላል።