ኢንኮግኒቶ የሚደብቀውና የማይደብቀው

«በኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም።»

ኢንኮግኒቶ የክሮም አሳሽ የጎበኛችሁትን የማያስቀምጥበት መስኮት ነው። ከእናንተ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው አያይም፤ ይህ እውነት ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የጎበኛችኋቸው ገጾች ዝርዝርና ድረ ገጾቹ አሳሹ ላይ ያስቀመጧቸው ትናንሽ መረጃዎች፣ ማለትም ኩኪዎቹ፣ ይጠፋሉ። ያወረዳችሁት ፋይል ግን Downloads ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በክሮም ላይ የተከፈቱ የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ ኩኪዎቻቸውን ይጋራሉ። አንዱን ዘግታችሁ ሌላው ከኋላ ተከፍቶ ከቀረ፣ የገባችሁበት ኢሜይል አልተዘጋም። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉንም ዝጉ።

ከኮምፒውተሩ ውጭ ያለው ወገን ዘንድ ግን የሚጠፋ ነገር የለም። ድረ ገጹ የአይፒ አድራሻችሁን፣ ማለትም መስመራችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ያያል። የኢንተርኔት መስመር አቅራቢው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ማወቅ ይችላል፤ አድራሻው በ https ከጀመረ ውስጥ ገብታችሁ ያነበባችሁትን አያይም። ጎግል በዚሁ በኢንኮግኒቶ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ ነበር። በ2024 ስምምነት ላይ ሲደረስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማማ። ያልተያዘ ነገር አይጠፋም መቼም።

«ስሜን እስካልሰጠሁ ድረስ ማን መሆኔን አያውቁም።»

ስም አያስፈልጋቸውም፤ ቁጥር ይበቃል። የሸዋ ሮቢት ሰው ስለ ኩላሊት ጠጠር አንድ የጤና ገጽ ላይ ያነባል እንበል። ገጹ ጽሑፉን ከራሱ ያመጣል፣ ማስታወቂያውን ግን ከሌላ ኩባንያ ነው የሚጠራው። ያ ኩባንያ በዚያች አጋጣሚ አሳሹ ላይ አንድ ረጅም ቁጥር ያስቀምጣል፤ የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይህ ነው። ሰውየው ማታ የስፖርት ዜና ሲከፍት እዚያም የዚሁ ኩባንያ ማስታወቂያ አለ። አሳሹ ቁጥሩን ራሱ መልሶ ይልክለታል። ኩባንያው አሁን ያ ቁጥር ያለው ሰው ስለ ኩላሊት ጠጠር አንብቦ፣ ኳስ እንደሚወድ አወቀ። ሁለቱ ድረ ገጾች ግን ጨርሶ አይተዋወቁም።

«እንግዲያው እነዚያን ኩኪዎች መዝጋት ነዋ!»

ዝጉ፤ ይረዳል። ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ በራሱ ይዘጋቸዋል። ፋየርፎክስ ከ2022 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የየራሱን ማስቀመጫ ስለሚሰጥ፣ የጤናው ገጽ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ስፖርቱ ገጽ ላይ አይገኝም። ክሮም በኢንኮግኒቶ ይዘጋቸዋል፤ በተራው መስኮት ግን ቅንብሩን እናንተ ካልቀየራችሁ ክፍት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የአሳሽ አሻራ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚቀመጥ ነገር ስለሌለ የሚጠፋም የለም። ገጹ አሳሹን ይጠይቀዋል፤ የስክሪንህ ስፋት ስንት ነው? የሰዓት ክልልህ የት ነው? ቋንቋህ? ምን ምን የፊደል ዓይነት ተጭኖልሃል? ቀጥሎ በማይታይ ቦታ ትንሽ ሥዕል እንዲሥል ያዘዋል። ሥዕሉ በግራፊክስ ካርዱ፣ በፊደሎቹና በሶፍትዌሩ ልዩነት ከማሽን ማሽን በጥቂቱ ይለያያል። መልሶቹ አንድ ላይ ሲደመሩ መለያ ይሆናሉ።

እኛን ለየት አድርጎ የሚነካን ቋንቋው ነው። አሳሹን በአማርኛ ያደረገ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር am የሚል ምልክት አብሮ ይልካል። በዓለም ላይ ይህን የሚልክ ጥቂት ነው። እኔ ግን በዚህ ምክንያት አማርኛውን አጥፉ አልልም።

አሻራው ሁሌ ሰውን ለይቶ ያወጣል ማለትም አይደለም። በ2010 ኢኤፍኤፍ የተባለው የመብት ድርጅት ወደ 470 ሺህ አሳሾች መርምሮ ከ100 ውስጥ 84 ያህሉን አምሳያ የሌላቸው ሆነው አገኛቸው። በ2018 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ 2 ሚሊዮን ያህል አሻራ አይቶ ልዩ የሆኑት አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆናቸውን ገለጸ። ስልኮች ከኮምፒውተር ያነሰ ይለያሉ። ከካርቶኑ እንደወጣ ያለ፣ ብዙ ሰው የያዘው ሞዴል ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ተጨማሪ ነገር የታጨቀበት ላፕቶፕ ነው የሚታወቀው።

ራሳችሁ ሞክሩት። coveryourtracks.eff.org ን በክሮም ተራ መስኮት፣ ከዚያ በኢንኮግኒቶ ክፈቱና Hash of canvas fingerprint የሚለውን የሥዕሉን ኮድ አስተያዩ። ያው ኮድ ከመጣ ኢንኮግኒቶው አሻራችሁን አልነካውም። ብሬቭ የተባለው አሳሽ ግን ቋሚ ኮድ አይሰጥም፤ ሆን ብሎ ሥዕሉን ስለሚያዛባው ነው። ቶር ብራውዘር በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አንድ እንዲመስሉ ይጥራል።

«እኔ ቪፒኤን አለኝ።»

ቪፒኤን የአይፒ አድራሻን ይቀይራል፤ ፊደሉን፣ ስክሪኑንና ሥዕሉን አይነካም። ጎግል ወይም ፌስቡክ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነማ ስማችሁን ራሳችሁ ነግራችኋል። እንዲያውም አድራሻው ኔዘርላንድስ እያለ፣ ሰዓቱ የአዲስ አበባ፣ ቋንቋው አማርኛ የሆነ አሳሽ ቪፒኤን ከሌለው ጎረቤቱ ይበልጥ ጎልቶ ሊታይ ይችላል።