አጥንት፣ ቀንድ፣ የዝሆን ጥርስ ወይስ የድሮ ፕላስቲክ? ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ልጄ፣ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነው ይለኛል፣ ሌላው አጥንት ነው ይለኛል። ምንድን ነው? መሸጥስ እችላለሁ?»

እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የእናቴ ወዳጅ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። በነጠላ ጠቅልለው ያመጡት ሁለት ዕቃ ነው። አንደኛው ከእናታቸው የወረሱት ወፈር ያለ ነጭ አምባር ሲሆን ሌላው በጣሊያን ጊዜ ቤት የገባ፣ እጀታው ነጭ የሆነ የገበታ ቢላ ነው። ገበያ ወስደዋቸው የሰሙት ምክር ግን አስደነገጠኝ። ስለዚህ በየቦታው የሚባለውን አንድ በአንድ ላንሳው።

«መርፌ አግለህ ንካው፣ ካልቀለጠ የዝሆን ጥርስ ነው»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከመጀመሪያዎቹ የድሮ ፕላስቲኮች አንዱ ሴሉሎይድ ነው። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት ለቢሊያርድ ኳስ የዝሆን ጥርስ ምትክ ሲፈልግ በ1870 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራው ነገር ነው፤ የድሮ የሲኒማ ፊልምም የሚሠራው ከእሱ ነበር። እሳት በጣም ይወዳል። የጋለ መርፌ ሲነካው ሊቀጣጠል ይችላል፣ ያውም እጃችሁ ላይ።

ደግሞም ፈተናው መልስ አይሰጥም። አጥንትም የዝሆን ጥርስም አይቀልጡም፣ ሁለቱም ትንሽ ይጠቁሩና ጥርስ ሲቦረቦር የሚሸተውን ይሸታሉ። ባክላይት የሚባለው የ1900ዎቹ መጀመሪያ ፕላስቲክም አይቀልጥም። በመጨረሻ በእጃችሁ የሚቀረው ዋጋው የወረደ፣ ጠባሳ ያለበት ዕቃ ብቻ ነው።

የተሻለው አውራ ጣት ነው። ዕቃውን እስኪሞቅ ድረስ በደንብ አሹትና ወዲያው አሽትቱት። ሴሉሎይድ ውስጡ ካምፎር ስላለ ቪክስ ቪክስ ይላል። ባክላይት ፎርማሊን የመሰለ ሹል ሽታ አለው። ከወተት የተሠራው ጋላሊት ደግሞ ያረረ ወተት ያስታውሳል፣ ግን ደካማ ስለሆነ በሱ ብቻ አትወስኑ። የእትዬን ቢላ ሳሸው ሽታው ግልጽ ነበር፣ ቪክስ። ገበያ ላይ መርፌ ሊያግሉበት የነበረው እሱ ነው!

«መስመር ካለው የዝሆን ጥርስ ነው»

የቢላው እጀታም መስመር ነበረው። ፋብሪካዎቹ ይህን አውቀው ነው የሠሩት፤ ነጭና ክሬም ሴሉሎይድ እየደራረቡ የዝሆን ጥርስ ያስመስሉታል። ነገር ግን መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው፣ በእኩል ርቀት የተሰመረ ደብተር ይመስላል። እውነተኛ ጥርስ ላይ በርዝመቱ የሚታየው መስመር ትንሽ ይወዛወዛል፣ አንድ ቦታ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይመለሳል። ተፈጥሮ በማስመሪያ አትሠራም።

ዋናው ማስረጃ ያለው ግን ጥርሱ በአግድም የተቆረጠበት ገጽ ላይ ነው። እዚያ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ጠምዘዝ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርሳቸው ይቆራረጣሉ፣ እንደ ሰፌድ ስፌት ያለ ነገር ይሠራሉ። የሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። አጥንት፣ ቀንድና ፕላስቲክ ይህ የላቸውም።

አምባር ለዚህ ይመቻል፣ ምክንያቱም ከጥርሱ ላይ እንደ ቀለበት ስለሚቆረጥ ሁለቱ ጠርዞቹ የአግድም ገጽ ናቸው። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አደረግኩት (ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም፣ ይሰነጠቃል)፣ መስኮት አጠገብ ወሰድኩት፣ በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ግን ከውጭው ጠርዝ አጠገብ የተቆራረጡት መስመሮች ብቅ አሉ። የዝሆን ጥርስ ነው።

ሌላም ፍንጭ ነበር። አምባሩ መጋጠሚያ የለውም። የበሬ እግር አጥንት መሐሉ ቅልጥም ያለበት ጠባብ ቱቦ ስለሆነ የሰው እጅ የሚያስገባ አንድ ወጥ ቀለበት አይወጣውም። የአጥንት አምባር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የተቆራረጠ መስመር አለመኖሩ ነጻ አያወጣም። ሐይቃችን ውስጥ ያለው የጉማሬ ጥርስም ይቀረጻል፣ የሽሬገር መስመር ግን የለውም። የጉማሬ ምርት ንግድም ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አለበት።

«ቢጫ ከሆነ አሮጌ ነው»

ሻይ ውስጥ ያደረ አጥንትም ቢጫ ነው። ጭስ ቤት የተሰቀለም፣ ቅቤ የጠጣም ቢጫ ነው። ሴሉሎይድም ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል። ቀለምን ተዉትና ጉድጓዶቹን እዩ፤ በዓመታት የመጣ ቀለም እጅ የሚነካውን ቦታ ከማይነካው ይለያል፣ የተነከረ ግን ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው።

«አጥንትና ቀንድ ያው ነው»

አይደለም። አጥንት በሕይወት ሳለ ደም ይመላለስበት ነበር፣ የደሙ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ። አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ስታዩት አግድም የተቆረጠው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ በርዝመቱ ደግሞ አጫጭር ጭረቶች ይታያሉ፣ ቆሻሻ ስለሚገባባቸው። በጣም የጸዳ አጥንት ላይ መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ቀንድ ግን የጥፍራችን ዘመድ ነው። በንብርብር ያድጋል፣ ሲያረጅም እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ ነፍሳትም ይበሉታል። ስስ ቦታው ላይ የስልክ መብራት ከኋላ ብታበሩበት ማር የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል። ዋንጫ የምናውቀው የከብት ቀንድ ችግር የለበትም። የድሮ ጎራዴ እጀታ ሲሆን ግን ቆም በሉ፣ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠሩ አሉና፤ እሱ ውስጡ የታመቀ ፀጉር የመሰለ ጭረት ነው፣ ንግዱም ክልክል ነው።

ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራትም ይረዳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ አጥንትና ጥርስ ሰማያዊ የሚያዳላ ነጭ ያበራሉ፣ ብዙ የድሮ ፕላስቲክ ግን ይደበዝዛል። ጥርስን ከአጥንት ግን አይለይም።

«የእናቴ ውርስ ነው፣ አጥንት ብዬ እሸጠዋለሁ»

እትዬን ገበያ ላይ የመከሯቸው ይህን ነው። በጣም መጥፎ ምክር ነው። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጥላለች። የዝሆን ጥርስ ንግድ እዚህ የተከለከለ ነው፣ ቦሌ ላይ በሻንጣ የሚያዘውም ያው ነው። «አጥንት» የሚለው ስም የሚያድን አይደለም። ኮንትሮባንዲስቶች ኢንተርኔት ላይ የሚደበቁበት ስም ስለሆነ ጭራሽ ጥርጣሬ ይጠራል። ውጭ አገር ያለ ገዢም ቢሆን አያስገባውም፤ eBay ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝሆን ጥርስ አይቀበልም።

በተቃራኒው አጥንቱን የዝሆን ጥርስ ብሎ መጥራትም ሻጩን ይጎዳል። ዕቃው ሊያዝ ይችላል፣ ሕጋዊ የነበረውም ገዢ ያጣል።

እትዬ አምባሩን መልሰው ጠቀለሉት። ለልጃቸው ያቆዩታል፤ ሌላ ነገር ካሰቡ መጀመሪያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቃሉ። ቢላውን ግን በነጻነት መሸጥ ይችላሉ፣ «የድሮ ሴሉሎይድ እጀታ» ብለው፣ የመስመሩን ፎቶ አያይዘው። የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ። እስከዚያው በፕላስቲክ ከረጢት እንዳያፍኑት፣ ከምድጃም እንዲያርቁት ነገርኳቸው፤ ያረጀ ሴሉሎይድ ሲታፈን የሚለቀው አሲድ ራሱን ይሰነጥቀዋል፣ ስለቱንም ያዝገዋል። እጀታው ሥር ዝገቱ ጀምሮ ነበር።