የቤት ውስጥ ዳቦ ቤት እና ብድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብድር ጠያቂዎች የሚያመጡትን የቢዝነስ ፕላን ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ከዳር ሰፈሮች፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት ጀርባ፣ ከጀሞ፣ ቤታቸው ዳቦ ጋግረው ለሱቅ የሚያስረክቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ወረቀታቸው ግን አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ይመስላል። ስህተቱም እንደዚያው።

«ፕላኑ ወፍራም ከሆነ ያሳምናል።»

ሁለት ገጽ ይበቃል። ስለ ስንዴ ታሪክ የተጻፈውን ማንም አያነበውም።

«ዳቦ በምን ይከስራል? ሰው ሁሉ ይበላ የለ!»

ሰው ሁሉ የእናንተን ዳቦ አይበላም። ከ«ሕዝቡ ብዙ ነው» ይልቅ የአራት ሱቅ ስምና እያንዳንዳቸው በቀን ስንት እንደሚወስዱ ጻፉልኝ።

«ኦቨኑን ከገዛሁ መብራቱ ቤት አለ።»

መብራት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ኦቨኑን መቻሉ ሌላ። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። 9 ኪሎዋት የሚል ኦቨን በ220 ቮልት ወደ 41 አምፔር ይስባል። ለመኖሪያ ቤት የተዘረጋው መስመር ይህን የማይችልበት ቤት ብዙ ነው። ስሪ ፌዝ የሚፈልግ ከሆነማ ቆጣሪውን ማስቀየሪያ ወጪና ጊዜ ፕላኑ ውስጥ ይግባ። ካልገባ፣ ኦቨኑ ፌስታሉ ሳይገለጥ ሳሎን ቆሞ ክፍያው ይጀምራል።

«ትርፌ ከወር ክፍያው አምስት እጥፍ ነው፤ ለምን እጠራጠራለሁ?»

ይቺን ነው የማልችላት። በሳምንት አንዴ ሳልሰማት አላልፍም፤ ስለዚህ በደንብ እንያት።

አንዲት የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ያመጣችውን ፕላን ልንገራችሁ። ለዓመት ያህል ቤቷ በትንሽ ኦቨን ስትጋግር ቆይታለች። አሁን 120,000 ብር ትፈልጋለች፦ ለኦቨን 60,000፣ ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን 40,000፣ ለዱቄትና ለመነሻ ወጪ 20,000። በ18 ወር ልትመልስ፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲሰላ፣ የወር ክፍያዋ ወደ 7,660 ብር ይመጣል። ዋጋዎቹ እናንተ ስታነቡት ተቀይረው ይሆናል። አካሄዱን ያዙት።

ስሌቷ እንዲህ ነበር። በቀን 25 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ታቦካለች። አንድ ኪሎ ዱቄት ከውሃውና ከሌላው ጋር 1.6 ኪሎ ገደማ ሊጥ ይወጣዋል። መቶ መቶ ግራም ሲቆረጥ 16 ዳቦ፣ በቀን 400 ይሆናል። (ተጋግሮ መቶ ግራም እንዲመዝን ከተፈለገ ሊጡ ወደ 115 ግራም መቆረጥ አለበት፤ እሳት ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶው ይተናል። ያኔ ቁጥሩ ከ350 በታች ይወርዳል። የእሷ ሱቆች ግን በፍሬ ነው የሚረከቡት።) አንዱን በ10 ብር ስታስረክብ በቀን 4,000 ብር ታገኛለች። ለዱቄት፣ ለእርሾ፣ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለመብራትና ለማድረሻ በቀን 2,700 ታወጣለች። 1,300 ይተርፋል። በ30 ሲባዛ 39,000። አምስት እጥፍ ያለችው ይህ ነው።

የማባዛት ስህተት የለበትም። ችግሩ እንዲህ ያለ ወር የለም።

መጀመሪያ 400 ጋግሮ 400 የሸጠ ሰው አላውቅም። ያረረ አለ፣ የተጣበቀ አለ፣ ሱቁ ማታ «አልሄደም» ብሎ የሚመልሰው አለ፣ የቤት ልጆችም አሉ። ደብተሯን ስናይ ከአሥሩ አንዱ ገንዘብ አይሆንም። ስለዚህ 360። ቀጥሎ 30 ቀን የሚጋገርበት ወር የለም። እሑድ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። መብራቱ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ከጠፋ ደግሞ ይኮመጥጥና ይረግባል፤ ዱቄቱም አብሮ ይሄዳል። 25 ቀን ያዝን።

እንግዲህ 360 ዳቦ በ10 ብር፣ በ25 ቀን፣ 90,000 ነው። ወጪው 67,500። የቀረው 22,500። ከዚህ ላይ ለረዳቷ 5,000፣ ለኦቨን ጥገና በየወሩ የሚቀመጥ 1,500 ይነሳል። 16,000 ቀረ።

«የራስሽስ?» አልኳት። «እኔማ ቤቴ ነው የምሠራው፣ ደሞዝ አልወስድም» አለች። ይህን ሁሉም ይሉታል፤ ሁሉም ደግሞ ይወስዳሉ። ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ከዳቦው ሣጥን ነው የሚነሳው። ሳይጻፍ ስለሚነሳ ብቻ የሌለ ይመስላል። ቆጥረን 6,000 ብር አገኘን። ለክፍያ የሚቀረው 10,000 ነው። 7,660ን ይሸፍናል፤ ግን አምስት እጥፍ ሳይሆን 1.3 እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። አበዳሪው ግን መደበኛውን ወር ብቻ አያይም፤ በጣም የከፋው ወር ክፍያውን ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለእሷ ያ ወር ሁዳዴ ነው። የጾም ዳቦ እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ምን ይቀንሰዋል ትሉ ይሆናል። ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀመሰ የጠዋቱ ዳቦ በሻይ ይቀራል። የልጆች ምሳ ዕቃ ብቻ ይቀጥላል። ባለፈው ሁዳዴ ሽያጯ በሩብ ወርዷል፤ በእጇ የጻፈችው ነው። (ኬክ ለምትሠሩ ይብሳል። ቅቤና እንቁላል የሌለው ኬክ የሚያዝ ሰው ጥቂት ነው፣ ሠርግም የለም። የእናንተ ገንዘብ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመጣው።)

በሩብ ቀንሰን ሠራነው። 300 ትጋግራለች፣ 270 ይሸጣል፣ በቀን 675 ብር ይተርፋል። በ25 ቀን 16,875። የረዳቷና የጥገናው ተነስቶ 10,375፣ የቤቱ ተነስቶ 4,375። ክፍያው 7,660 ነው። በወር 3,285 ብር ይጎድላል፤ ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ጉድለቱ ሁለት ክፍያ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ክፍያውን ወደ 24 ወር ብናረዝመውስ? 5,990 ገደማ ይሆናል። አሁንም አይበቃም። ከዚያ የሊጥ ማሽኑን አወጣነው። 25 ኪሎ ዱቄት ከረዳት ጋር በአራት ዙር በእጅ ይቦካል፤ ክንድ ያደክማል፣ ግን ይቻላል። ብድሩ 80,000 ሆነ፣ በ24 ወር ክፍያው ወደ 3,990። የሁዳዴው 4,375 ይሸፍነዋል፤ በመደበኛው ወር ደግሞ ከ10,000 ላይ ሲከፈል ወደ 6,000 ይተርፋል። ከዚያ ላይ የሁለት ወር ክፍያ ለብቻ እንዲቀመጥ ፕላኑ ላይ ጻፍን። ማሽኑ በሁለተኛው ብድር ይመጣል። ፕላኑ ሁለት ገጽ ነበር፣ ሁዳዴውም ራሱን የቻለ መስመር ነበረው። የብድር ኮሚቴው ያነበበው ያንን መስመር ነው።

ትምህርት ቤት ደጅ ለምትሸጡ ክፉው ወር ሁዳዴ ላይሆን ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ተማሪ የለም፣ ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፣ በመሃል ፍልሰታ ይገባል። የራሳችሁን ክፉ ወር ከራሳችሁ ደብተር ፈልጉት። ደብተር ከሌላችሁ ብድሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ለሦስት ወር ያዙ፦ የተጋገረ፣ የተሸጠ፣ የተመለሰ፣ ከሣጥን ለቤት የተነሳ። አራት ዓምድ ብቻ።

«ሸጫለሁ ማለት ገንዘቡ አለኝ ማለት ነው።»

ሱቁ በዱቤ ነው የሚወስደው፤ የዱቄቱ ነጋዴ ግን ጥሬ ብር ይፈልጋል። የቱሉ ዲምቱዋ ሴት ከሽያጯ ግማሹ በዱቤ ሄዶ በሳምንት የሚከፈል ከሆነ፣ በስድስት የሥራ ቀን 10,800 ብር ሱቆቹ ዘንድ ይቀመጣል። የሳምንቱን 150 ኪሎ ዱቄት በአንዴ ልትገዛ ደግሞ ኪሎው በ90 ብር 13,500 ያስፈልጋታል። ሁለቱ አንድ ላይ ከመነሻው 20,000 ያልፋሉ። ትርፍ እያለ ዱቄት የማይገዛበት ጠዋት የሚመጣው እንዲህ ነው። ዱቄቱን በ50 ኪሎ፣ በ4,500 ብር ትግዛ፤ ዱቤውንም ከግማሽ አታሳልፍ አልን። ማን በዱቤ፣ ማን በእጅ እንደሚከፍል ፕላኑ ላይ ይጻፍ።

«እቁብ እንዳለብኝ ከጻፍኩ ይቀንሱብኛል።»

ደብቃችሁት ሲታወቅ ነው የሚቀንሱባችሁ። ዕጣው ገና ካልወጣላችሁ ቁጠባ ነው፤ ወጥቶላችሁ እየከፈላችሁ ከሆነ ዕዳ ነው፣ ከወር ክፍያው ጎን ይደመራል። በሰዓቱ የከፈላችሁበት የእቁብ ደብተር ካለ ግን ይዛችሁ ኑ። ከብዙ ወረቀት የተሻለ ነው።

«18 በመቶ የትም ቦታ 18 በመቶ ነው።»

በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቁ። ያው 120,000፣ ያው 18 ወር፣ በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ወለዱ በጠቅላላ ወደ 17,800 ብር ነው። መጀመሪያ በተበደራችሁት ላይ እስከ መጨረሻው ከተሰላ 32,400። የወር ክፍያው ከ7,660 ወደ 8,470 ገደማ ይወጣል። ፕላኑ ላይ በመቶኛውን ሳይሆን የክፍያውን ብር ጻፉ፤ ሠንጠረዡንም ሳትፈርሙ ጠይቁ።

«ዋስ አለኝ፣ ፕላኑ ለፎርማሊቲ ነው።»

ዋሱ የሚጠራው ፕላኑ ሲወድቅ ነው። ዋስ የሆነላችሁ የባለቤታችሁ ወንድም ደሞዝ ሲቆረጥ ፎርማሊቲ መሆኑን ለእሱ አስረዱት።

«ክፍያ ካቃተኝ ያኔ እናገራለሁ።»

ያኔ ረፍዷል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት መጥቶ «በእነዚህ ሁለት ወሮች ክፍያዬ ይቀነስና ከፋሲካ በኋላ ይካካስ» የሚል ሰው ሊደራደር ይችላል፣ በተለይ ጥያቄው ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ከሰፈረ። ሁለት ክፍያ ዘሎ ስልክ አጥፍቶ የሚመጣው ግን ስለ ዳቦ አያወራም፤ ስለ ቅጣት ነው የሚያወራው።