ፎቶ ሥር የሚጻፍ ስም፦ ስለ ታዋቂ ሰው እና ስለ ተራ ሰው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በአደባባይ የተነሳ ፎቶ ነው። ሁሉም ሰው ያየውን ሰውዬ ስሙን ብጽፈው ምን አጠፋሁ?»

ፎቶ መለጠፍና ስም መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 መነሻውን ያስቀምጣል፤ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ፈቃድ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አንቀጽ 28 ላይ ናቸው። ሰውዬው ታዋቂ ከሆነ ወይም የሕዝብ ሥራ ላይ ካለ ፎቶውን ማውጣት ይቻላል። ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ነገር ጋር ሲያያዝም እንዲሁ። (ሕጉ የፍትሕንና የፖሊስን ሥራ፣ ሳይንስን፣ ባህልንና ትምህርትንም ይጨምራል።)

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ሰውዬውን ይከተላል፣ ሁለተኛው ግን ዝግጅቱን ነው። በሕዝብ መሃል የቆመው ተራ ሰው ምስሉ የሚወጣው ዝግጅቱን ለማሳየት ሲባል ነው፤ ዝግጅቱን ለማሳየት ደግሞ የእሱ ስም አያስፈልግም። ስሙ ሲጨመር ፎቶው ስለ ዝግጅቱ መሆኑ ይቀርና ስለ እሱ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። መስቀል አደባባይ የታላቁ ሩጫ ማብቂያ ላይ አንዲት በዓለም የታወቀች ሯጭ ከአንዲት ተሳታፊ ጋር ተቃቅፋ ፎቶ ተነሳች እንበል። የሯጯን ስም መጻፍ ፈቃድ አይጠይቅም፤ እዚያ የተገኘችው በስሟ ነው፣ ስሟ ባይጻፍ ፎቶውም ዜና አይሆንም። ለሁለተኛዋ ሴት ግን «አንዲት የሩጫው ተሳታፊ» የሚለው ይበቃል። ስሟ ከተጻፈ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን የሚፈልግ ሁሉ በዚያ እሑድ የት እንደነበረች ያገኛል። ከሚከታተላት የቀድሞ ባሏ ተደብቃ የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ለመሥሪያ ቤቷ አሞኛል ብላ ቀርታም ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሺው ይህን ከፊቷ ሊያነበው አይችልም፣ ስለዚህ ይጠይቃል።

ሲጠይቅ ደግሞ «ላንሳሽ?» ማለት ብቻ አይበቃም። መነሳቷን፣ ስሟ መጻፉን፣ የት እንደሚወጣም ለየብቻ ይነግራታል። ለፎቶው እሺ ያለ ሰው ለስሙ እሺ አላለም፤ ለጋዜጣ እሺ ያለም ለቴሌግራም ቻናል አላለም። ስሟን ሳይጽፉ ደረቷ ላይ የተለጠፈውን የተሳታፊ ቁጥር ግልጽ አድርጎ ማውጣትም ያው ነው። ውጤቱ በድረ ገጽ በሚለቀቅበት ውድድር ቁጥሩን አስገብቶ ስሙን ማግኘት የደቂቃ ሥራ ስለሆነ ቁጥሩ ይቆረጣል ወይም ይደበዝዛል።

«ታዋቂ ሰው ግን ያው ታዋቂ ነው። ምኑም የግል አይደለም።»

ዝና የሚከፍተው ሰውዬው ከታወቀበት ነገር ጋር የሚገናኘውን በር ነው። ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው የሞዴሏ የናኦሚ ካምቤል ጉዳይ ነው። በ2001 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ካምቤል የዕፅ ሱስ እንዳለባት ጻፈ፤ ከሱስ ለመላቀቅ ከሚረዳዱ ሰዎች ስብሰባ ስትወጣ የተነሳችውን ፎቶም አወጣ። ከዚያ በፊት ዕፅ እንደማትወስድ በአደባባይ ተናግራ ነበር። በ2004 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት 3 ለ2 ለእሷ ፈረደ።

ፍርዱ በምን ላይ እንደቆመ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሱሰኛ መሆኗን በስሟ መጻፉ ስህተት አልተባለም፤ ራሷ በአደባባይ ያለችው ሐሰት ስለነበር ማረም ይገባ ነበር። ገደቡን ያለፈው ሕክምናዋን በዝርዝር መጻፉና ከቦታው ስትወጣ የሚያሳየውን ፎቶ ማውጣቱ ነው። ስሟን ከሐሰቱ ጋር ማያያዝ የሕዝብ ጉዳይ ነበር፤ ስሟን ከሕክምናዋ ደጃፍ ጋር ማያያዝ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ታዋቂ ሰው የሚጠየቀው «ይህ ፎቶ ከሥራው ወይም በአደባባይ ከተናገረው ጋር ምን ያገናኘዋል?» ነው። ሚኒስትሩ በመንግሥት መኪና ሲሄድ፣ ድምፃዊው መድረክ ላይ ሲቆም ስሙ ይጻፋል። ያው ሚኒስትር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተራ ሲጠብቅ ቢታይ ለጊዜው ከታካሚዎቹ አንዱ ነው። ሕመሙ ሥራውን የሚያስተጓጉል ከሆነ ብቻ ነገሩ ይለወጣል። ልጆቹ ደግሞ በፍጹም የተለዩ ናቸው፤ የአባታቸው ዝና በእነሱ ፋንታ ፈቃድ አይሰጥም። የልጅ ስም ከትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ጋር በአንድ ፎቶ ከወጣ የት እንደሚገኝ ተነገረ ማለት ነው።

«ፎቶው እኮ መቶ ሺህ ሰው አጋርቶታል። አሁን እሱም ታዋቂ ሆኗል።»

በሰው የተጋራ ሁሉ ታዋቂ አይሆንም። ታዋቂ ሰው ዝናውን የሚሸከምበት ነገር አለው፤ ቃል አቀባይ፣ ጠበቃ፣ መልስ የሚሰጥበት መድረክ፣ አንዳንዴም ጠባቂ። ፎቶው በድንገት የተሰራጨ ተራ ሰው ያለው የቤቱ በር ብቻ ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአገራችን ታይቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ምሁር በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ቤተሰባቸው በኬንያ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ከግድያው ቀደም ብሎ ስማቸው፣ ፎቶአቸው፣ የሥራ ቦታቸውና የሚኖሩበት አካባቢ በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በ2017 ዓ.ም. ወስኗል። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍነው ለነጥቡ ስለማያስፈልግ ነው።

ነጥቡ አራቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሠሩት ነው። ፊት ብቻውን ከሕዝብ መሃል ሰው አያወጣም፤ ስም ብቻውንም መንገድ አያሳይም። ፊት፣ ስም፣ መሥሪያ ቤትና ሰፈር አንድ ላይ ሲጻፉ ግን አድራሻ ናቸው። ከተማ ሁሉ በሚያውቀው ባለሥልጣን ላይ ይህ ዝርዝር የሚጨምረው ጥቂት ነው። በተራ ሰው ላይ ግን ያልነበረውን ነገር ይፈጥራል። ፎቶው ሥር «ማን ነው ይሄ? የምታውቁት ተናገሩ» ብሎ መጻፍም ዝርዝሩን በሌሎች እጅ ማስሞላት ስለሆነ ኃላፊነቱ ከጸሐፊው አይወርድም። አስተያየት መስጫው ውስጥ ስም የጻፉ ካሉ የገጹ ባለቤት ያጠፋዋል።

ተራ ሰው ወንጀል ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ ያለው ሰው ፎቶውን ከነሰዓቱና ቦታው ለፖሊስ ይሰጣል። አንቀጽ 28 የፖሊስን ሥራ ለይቶ የጠቀሰው ለዚህ ነው።

«እሱ ነው። አውቀዋለሁ፣ ምንም ጥርጥር የለውም።»

ስለ ታዋቂ ሰው ብንሳሳት በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል፤ መልኩን ሚሊዮን ሰው ያውቀዋል፣ የዚያን ቀን የት እንደዋለም ይመዘገባል። ስለ ተራ ሰው ስንሳሳት የሚያርመን የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ፖሊስ የበተነውን የተጠርጣሪ ፎቶ ከአንድ የ22 ዓመት ተማሪ ጋር አመሳሰሉና ስሙን በተኑት። ተማሪው ከአንድ ወር በፊት ጠፍቶ ቤተሰቡ ሲፈልገው ነበር። ቤተሰቡ ላይ ስልክና ስድብ ወረደ። በኋላ አስከሬኑ ተገኘ፤ ከፍንዳታው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የገጹ ኃላፊም ይፋዊ ይቅርታ ጠየቀ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ ስምና የአባት ስም ነው። ፎቶ ሥር «ተስፋዬ ከበደ» ብሎ መጻፍ ፎቶውን ያላዩ ሌሎች ተስፋዬ ከበደዎችንም ይነካል፤ ለሥራ ሲያመለክቱ ስማቸው ሲፈለግ የሚወጣው ያ ነገር ነው። ባለሥልጣን ከሆነ ሹመቱ ከሞክሼዎቹ ይለየዋል። ተራውን ሰው ከሞክሼዎቹ ለመለየት ግን የአያት ስም፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት መጨመር ግድ ይላል፤ ያ ደግሞ ወደ ቅድሙ አድራሻ ይመልሰናል። ለዚህ መውጫ የለውም። እንዲህ ያለ ስም የሚጻፈው ሕዝቡ ሊያውቀው የሚገባ ብርቱ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ያኔም እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ካረጋገጡትና ባለቤቱ ራሱ ተጠይቆ መልስ የመስጠት ዕድል ካገኘ በኋላ።

ስህተት ከተፈጠረ ፎቶውን አጥፍቶ ዝም ማለት እርማት አይሆንም፤ ስክሪንሹቱ ሄዷል። ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው ያህል ጎልቶ «ትናንት በፎቶ ያሳየነው ሰው በጉዳዩ የለበትም» ተብሎ ይጻፋል፣ ስሙ ግን አይደገምም። በአንቀጽ 29 መሠረት ምስሉ ያለፈቃዱ የወጣበት ሰው እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል፤ ሲጠየቅ ወዲያው ያላነሳ ደግሞ የሞራል ካሳም ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው በደረሰ ሰዓት ይነሳል፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

«የሞተን ሰው ስም ከነፎቶው ማውጣት ክብር ነው።»

ለታወቀ ሰው አዎ፤ ሕዝቡም ሐዘንተኛ ነው። ለተራው ሰው ግን ቀድሞ መስማት ያለበት አለ። መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው፤ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ተማክረው፣ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ ይነገራል፤ እናት ብቻዋን ሆና እንድትሰማ አይደረግም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያንን የገደለበትን ምስል ሲበትን አዲስ አበባ ቂርቆስ አካባቢ ልጆቻቸውን በፊታቸው የለዩ ቤተሰቦች ነበሩ። መርዶ ነጋሪያቸው ገዳዮቹ የሠሩት ምስል ሆነ።

በስደት መንገድ ወይም በዓረብ አገር የሞተ ሰው ፎቶ ሲደርሰን ስሙን ብናውቅም አንጽፍም። ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ሰው ይፈለጋል፣ መርዶው ይነገራል፣ ከዚያ ቤተሰቡ የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚመርጡት በሕይወት ሳለ የተነሳውን ነው። አንቀጽ 30ም የሟቹ ክብር ወይም ስም በሚነካበት ጊዜ ምስሉ እንዲነሳ የመጠየቁን መብት ለቅርብ ዘመዶቹ ይሰጣል። አስከሬን የሚያሳየው ፎቶ ግን ለመለየት ብቻ ያገለግላል፤ ለአንድ ዘመድ በግል ይላካል፣ አስቀድሞም ምን እንደሚያይ በቃል ይነገረዋል።