በሕመም ጡረታ መውጣትና የጉዳት ጡረታ፦ ሐዋሳ ላይ ስንሠራ ተደጋግመው የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ታምሜ ከሥራ ከወጣሁ የማገኘው የጉዳት ጡረታ ነው።»

ሕጉ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል። የመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ያለ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚተዳደር ሲሆን፣ በሁለቱም የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባለው መነሻው ምንም ይሁን ምን በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው ነው። የጉዳት ጡረታ ግን በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ወይም ከሥራው ጠባይ በመጣ በሽታ ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለን ሰው ይመለከታል። ለመጀመሪያው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም።

«ዋናው መታመሜ ነው፤ ምክንያቱ ምን ለውጥ ያመጣል?»

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንበል፣ ሐዋሳ የሚገኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር 8 ዓመት አገልግሏል፤ ደመወዙም 8,000 ብር ነው። ወደ ይርጋለም በሥራ ጉዞ ላይ ሳለ መኪናው ተገልብጦ ወገቡ ተጎዳ፤ ከብዙ ሕክምና በኋላም መሥራት እንደማይችል ታወቀ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከጉዳቱ በፊት ይከፈለው ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ፣ ማለትም 3,760 ብር በየወሩ ያገኛል። የሕክምና ካርዱ ላይ «ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈና ስለ አደጋው አንዲት ቃል ከሌለ ግን ጉዳዩ እንደ ተራ ሕመም ይታያል። 10 ዓመት ስላልሞላው ወርሃዊ አበል አይኖረውም፤ የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይሆናል።

ይኸው ሰው 16 ዓመት አገልግሎ፣ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ የኩላሊት ሕመም ቢወጣ ደግሞ የጤና ጉድለት አበሉ ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ እየተጨመረ 37.5 በመቶ ይሆናል። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ 3,000 ብር ማለት ነው። በዚሁ ስሌት አገልግሎቱ 24 ዓመት ሲሞላ አበሉ 47.5 በመቶ ይደርሳል፤ በሥራ ምክንያት የተጎዳ ሰው በአገልግሎቱ የሚያገኘው ከ47 በመቶው ከበለጠ የሚከፈለው የሚበልጠው ነው።

«የሐኪም ወረቀት አለኝ፤ ይበቃኛል።»

ብዙ ሰው እጁ ላይ የሚይዘው ወረቀት የሕመም ፈቃድ ነው። እሱ ለተወሰኑ ቀናት ሥራ አለመግባትን ይፈቅዳል እንጂ ዘላቂ አለመቻልን አያስረዳም። ለጡረታ የሚፈለገው የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው፤ ቦርዱም የበሽታውን ስም ብቻ አይቶ አይወስንም። ስኳር ወይም የደም ግፊት ይዞ ለዓመታት የሚሠራ ስላለ፣ መታየት ያለበት ሕመሙ ሥራውን እንዴት እንደከለከለው ነው። ስለዚህ ታካሚው ወደ ቦርዱ ሲሄድ የሚይዘው ማስረጃ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምርመራው ምን እንዳሳየ፣ ምን ሕክምና እንደተሞከረና ለምን እንዳልተሳካ፣ የሚሻል ተስፋ መኖር አለመኖሩን፣ በተጨባጭም ምን መሥራት እንደማይችል ቢናገር ይጠቅማል። «ከባድ ሥራ አይሠራም» የሚለው አጭር አረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ አንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከባድ ሥራ ቀድሞም አልነበረውምና። «ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ አይችልም» የሚለው ግን ሥራውን በቀጥታ ይነካል።

ለጉዳት ጡረታ ሌላ ማስረጃ ይታከላል፤ አደጋውን ከሥራው የሚያገናኝ። ሾፌሩን ብንወስድ፣ የጉዞ ትእዛዙ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ፣ አሠሪው አደጋው እንደደረሰ የጻፈው ሪፖርትና ድንገተኛ ክፍል የተከፈተው ካርድ ይያያዛሉ። ቀናቸው መጣጣም አለበት። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «እንዴት ተጎዳህ?» ሲባል በደንብ መልሱ፤ ሲጻፍም እዩ፤ ከወራት በኋላ ያንን መስመር ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ተጎጂው ሆን ብሎ ራሱን ጎድቶ ወይም ሰክሮ ከሆነ ግን ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ አይቆጠርም።

«ሕመሙ ከጠናብኝ መልቀቂያ አስገብቼ፣ ጡረታውን በኋላ እጠይቃለሁ።»

ይህ ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው የመውጫ ምክንያቱ ሕመም ሳይሆን ፈቃድ ተብሎ ይመዘገባል፤ አበል ለማግኘትም አገልግሎቱ ቢሞላለት እንኳ የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅ ይኖርበታል። 25 ዓመት አገልግሎ ለ60 ዓመቱ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ የቀረው ሰው ብቻ በፈቃዱ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ይችላል፤ ለእሱም የሐኪም ማስረጃ አያስፈልገውም። ከእሱ በታች ያለው ግን የሕመም ፈቃዱን እየተጠቀመ ለቦርድ እንዲላክ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የስንብት ደብዳቤውም የቦርዱን ውሳኔ ጠቅሶ «በጤና ጉድለት» ወይም «በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት» የሚል መሆኑን ሳያነብ አይፈርም።